የአምስት ደቂቃ ፒች አጻጻፍ፦ ከገንዘቡ ጥያቄ ተነስቶ ወደ ችግሩ

የመነሻ ካፒታል የሚፈልግ ስታርትአፕ ለኢንቨስተር የሚያቀርበው የአምስት ደቂቃ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለቱ ደቂቃ በሰላምታ፣ በምስጋናና በችግሩ ሐተታ ያልቃል። ሦስተኛው ላይ ምርቱ ይነሳል። ትራክሽን የሚባለው፣ በሥራ የታየው ውጤት፣ በጥድፊያ ይነበባል። የገንዘቡ ጥያቄ የሚመጣው ሰዓት ያዡ እጁን ካነሳ በኋላ ነው፤ እሱም በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይቋረጣል። እንዲህ የሚሆነው ጽሑፉ በሚነገርበት ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ ነው። ጸሐፊው ገና ትኩስ እያለ የጻፈው ክፍል ይረዝማል፤ ደክሞት የጻፈው ያጥራል።

እዚህ የምናሳየው አካሄድ አጻጻፉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የሚጻፈው የገንዘቡ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ ያንን ጥያቄ የሚያስረዳው ውጤት ይጻፋል። ችግሩ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ሲሆን ልኩም ውጤቱ የሚመልሰውን ያህል ብቻ ነው። ሲነገር ግን ቅደም ተከተሉ የተለመደው ነው፦ ችግር፣ መፍትሔ፣ ውጤት፣ ጥያቄ።

ለማሳያ አንድ የታሰበ ድርጅት እንያዝ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ባሶና ወራና ውስጥ፣ ሁለት የወተት መቀበያ ጣቢያዎች አሉት። የገበሬውን የማታ ወተት ተቀብሎ፣ መርምሮና አቀዝቅዞ፣ ሌሊት ጭኖ ጠዋት አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎችና ማቀነባበሪያዎች ያደርሳል። የእያንዳንዱን ገበሬ ሊትር በስልክ ይመዘግባል፤ ክፍያውንም በቴሌብር ይልካል። ቁጥሮቹ በሙሉ ለስሌት ማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ የእናንተን በራሳችሁ መዝገብ ተኩ።

በቅድሚያ፦ የቃል በጀት

ብዕር ከማንሳት በፊት የንግግራችሁን ፍጥነት ለኩ። አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ስልክ ላይ እየቀዳችሁ፣ ለሰው እንደምታወሩ አድርጋችሁ አንብቡ፤ የቃላቱን ብዛት ለደቂቃው አካፍሉ። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ 100 ቃል አካባቢ ላይ ያርፋል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች በደቂቃ 130 ወይም 150 ቃል የሚሉት ለአማርኛ አይሠራም፤ የእኛ አንድ ቃል ብዙ ጊዜ የእነሱን ሁለት ሦስት ቃል ይሸከማል።

አምስት ደቂቃ ሙሉ አትጻፉ። አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ ማለትም 460 ቃል ገደማ ይበቃል። የቀረው ሃያ ሰከንድ ማይክ ሲቀባበሉ፣ ስላይድ ሲዘገይ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ያልቃል።

ቃል ስትቆጥሩ ቁጥሮችን በፊደል ዘርዝራችሁ ቁጠሩ። ወረቀት ላይ «2,106,000» አንድ ቃል ይመስላል፤ ሲነገር «ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ስድስት ሺህ» ስድስት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር አምስት ጊዜ ከተነሳ ወደ ሃያ ሰከንድ ወስዷል፤ አድማጩ ግን አንዱንም አይዝም። «ሁለት ሚሊዮን ገደማ» በሉ፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ይጠይቃል።

በጀቱን እንዲህ ክፈሉት፦

- ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ፦ 15 ሰከንድ
- ችግሩ፦ 55 ሰከንድ
- መፍትሔው፦ 35 ሰከንድ
- በሥራ የታየው ውጤት፦ 85 ሰከንድ
- ገበያው፦ 30 ሰከንድ
- ቡድኑ፦ 20 ሰከንድ
- የገንዘቡ ጥያቄ፦ 40 ሰከንድ

ውጤቱ ከችግሩ እንዲበልጥ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ገና ምንም ያልሸጠ ቡድን ከሆናችሁ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ያኔ ችግሩን በቅርብ እንደምታውቁ ማሳየት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ጻፉ

ጥያቄው አራት ነገር ይይዛል፦ ስንት ብር፣ ለስንት ወር፣ በምን በምን ላይ እንደሚውል፣ በመጨረሻም ድርጅቱ የት እንደሚደርስ። ከአራቱ ሦስቱን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የሚሳሳተው በወሩ ላይ ነው።

በማሳያችን ፒቹ የሚቀርበው ግንቦት ላይ ነው እንበል። ድርድሩና ውሉ ክረምቱን ይወስዳል፤ ገንዘቡ መስከረም ላይ ይገባል። ብዙ ቡድን ለ18 ወር ይጠይቃል፤ ከሌላ አገር የመጣ ልማድ ነው። ከመስከረም 18 ወር ቢቆጠር የሚያልቀው በሁለተኛው ዓመት የካቲት መጨረሻ ነው። የካቲት መጨረሻ ደግሞ ሁዳዴ የሚገባበት፣ የወተት ሽያጭ የሚወርድበት ወቅት ነው። ድርጅቱ ካዝናው ባዶ ሆኖ፣ ሽያጩ ወርዶ፣ አዲስ ኢንቨስተር ሊፈልግ ነው። በ20 ወር ቢሰላ ግን ገንዘቡ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያደርሳል፤ ፋሲካ ከሚያዝያ መጨረሻ አያልፍምና ሁለት ሁዳዴ ታልፎ ማለት ነው። የሁለት ወር ልዩነት ነው፤ የሚያሳየው ግን ሥራውን የምታውቁት በገበያው ቀን መቁጠሪያ መሆኑን ነው። እህል ላይ የምትሠሩ፣ ለምሳሌ ከምንጃር ጤፍ ወይም ከሞረትና ጅሩ ስንዴ የምታነሱ፣ ስሌቱን ከመኸር አዝመራ መሰብሰቢያ ጋር አገናኙት።

ገንዘቡ ስድስት ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አከፋፈሉ ከየት መጣ?

ጫጫና ደነባ ላይ ሁለት አዳዲስ ጣቢያዎችን ለማቆም፣ ማቀዝቀዣ ታንክ፣ ጄኔሬተርና የመመርመሪያ ዕቃ ጨምሮ፣ 2.6 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። ታንኩ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ያረጀ ፕሮፎርማ ይዛችሁ አትግቡ፤ ቀኑ ቅርብ የሆነ፣ ከሁለት አቅራቢ የተወሰደ ይሁን።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚረሱት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይመጣል። ገበሬው በየሳምንቱ ይከፈለዋል፤ ገዢው ግን የሚከፍለው በሦስት ሳምንት ነው። በመካከል ያለውን የ14 ቀን ክፍተት የሚሸፍነው ድርጅቱ ነው። ዛሬ በቀን 900 ሊትር ይሸጣል፤ ግቡ 2,400 ነው። የሚጨምረው 1,500 ሊትር በ60 ብር የመግዣ ዋጋና በ14 ቀን ሲባዛ 1,260,000 ብር ይሆናል፤ 1.3 ሚሊዮን ብለን እንያዘው። ይህ መስመር በጥያቄው ውስጥ ከሌለ፣ ድርጅቱ ባደገ ቁጥር ለገበሬው የሚከፍለው እያጣ ይሄዳል። ወተት ላይ የሠራ ኢንቨስተር መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን መስመር ነው።

ከዚያ ወጪና ገቢ እስኪመጣጠን ድረስ ለደመወዝና ለኪራይ 1.5 ሚሊዮን፣ ለጾም ወቅት መጠባበቂያ 600 ሺህ ብር። ድምሩ ስድስት ሚሊዮን ይሆናል።

መድረሻው ደግሞ ሊትር እንጂ ምኞት አይሁን። አራት ጣቢያ ሲኖር ወርሃዊው ቋሚ ወጪ 380,000 ብር ይሆናል ብለን እንያዝ። ከአንድ ሊትር 7 ብር የሚተርፍ ከሆነ፣ 380,000ን ለ7፣ ከዚያም ለ30 ቀን ስናካፍል በቀን 1,810 ሊትር ይመጣል። ድርጅቱ ወጪውን የሚችልበት መጠን ይህ ነው። ግቡ 2,400 ሊትር ስለሆነ በደህናው ወር ይተርፈዋል፤ በሁዳዴ ግን ከ1,810 በታች ሊወርድ ይችላል። መጠባበቂያው የተቀመጠው ለዚህ ነው። አንዱ ቁጥር ሌላውን ሲደግፍ ይታያችኋል።

ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦

> «ስድስት ሚሊዮን ብር እንፈልጋለን፤ ሁለት ሁዳዴ የሚያሻግር የ20 ወር ገንዘብ ነው። ሁለት ነጥብ ስድስት ሚሊዮኑ ጫጫና ደነባ ላይ ሁለት ጣቢያ ያቆማል። አንድ ነጥብ ሦስት ሚሊዮኑ፣ ገበሬው በሳምንት እየተከፈለው ገዢው በሦስት ሳምንት የሚከፍለንን ክፍተት ይሸፍናል። የቀረው ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለጾም መጠባበቂያ ነው። በ20 ወር ውስጥ በቀን 2,400 ሊትር እንደርሳለን። ወጪያችንን የምንችለው 1,810 ሊትር ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ያበላሻል። «የአቅማችሁን ያህል ብትደግፉን»፣ «ከጎናችን ብትቆሙ»፣ «ማንኛውንም ድጋፍ በደስታ እንቀበላለን» የሚሉት ሐረጎች በእኛ አገር ትሕትና ናቸው፤ ኢንቨስተሩን ግን ወደ ረጂነት ይቀይሩታል። ረጂ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ኢንቨስተር ደግሞ ረጂ መሆን አይፈልግም። «እንፈልጋለን» ብላችሁ ቁጥሩን ተናገሩ፤ ከቁጥሩ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም በሉ። «በግምት» ወይም «ከአምስት እስከ አሥር ሚሊዮን» አትበሉ። የሰፋ ክልል የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውለው አልወሰነም ማለት ነው።

የድርሻውን መቶኛ በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ማንሳት ግዴታ አይደለም፤ መድረኩ ካልጠየቀ ባይነሳ ይሻላል፣ ድርድሩን በሰው ፊት ይጀምራልና። ስሌቱ ግን ከእጃችሁ አይጥፋ። የድርጅቱ ዋጋ 40 ሚሊዮን ብር ነው ስትሉ፣ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከገባ በኋላ? ከገባ በኋላ ከሆነ ስድስት ሚሊዮኑ 15 በመቶ ይገዛል። ከመግባቱ በፊት ከሆነ ድምሩ 46 ሚሊዮን ይሆንና ድርሻው ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። ይህን ሳይለዩ «40 ሚሊዮን» ብሎ መስማማት በኋላ ውል ላይ ያጣላል።

ሁለተኛ፦ ውጤቱን ጻፉ

አሁን ጥያቄው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አስምሩባቸው፦ 2,400 ሊትር፣ 7 ብር፣ የጾሙ መጠባበቂያ። እያንዳንዳቸው በውጤት ክፍሉ ውስጥ ወላጅ ሊኖራቸው ይገባል። 2,400 እንደሚደረስ የሚያሳምነው እስካሁን የታየው ዕድገት ነው። 7 ብሩን የሚያሳምነው የተሸጠው ሊትር ሒሳብ ነው። የመጠባበቂያውን ልክ የሚያሳየው ያለፈው ሁዳዴ ነው። ወላጅ የሌለው ቁጥር ከጥያቄው ይውጣ፤ ልጅ የሌለው ውጤትም ከንግግሩ ይውጣ።

በዚህ ማጣሪያ ብዙ የሚወድቅ ነገር አለ። «ለ200 አርሶ አደሮች ሥልጠና ሰጥተናል» የፕሮጀክት ሪፖርት ቋንቋ ነው፤ ወተት ያመጡት ስንቶቹ ናቸው? «መተግበሪያችንን 1,000 ሰው አውርዶታል»፣ «ከዞኑ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመናል»፣ «በውድድር ተሸልመናል» የሚሉትም እንዲሁ። አንዳቸውም 7 ብሩን አያስረዱም። የመግባቢያ ሰነዱ ወደ ግዢ ከተቀየረ የተገዛውን ሊትር ተናገሩ፤ ካልተቀየረ ለጥያቄና መልስ ይቀመጥ።

የገቢ አገላለጽ ላይ ተጠንቀቁ። በቀን 900 ሊትር በ78 ብር ሲሸጥ በወር ሁለት ሚሊዮን ብር ገደማ ያንቀሳቅሳል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ የሚያልፍ ገንዘብ እንጂ የሚቀር አይደለም። ከ78 ብሩ 60ው የገበሬው ነው። መጓጓዣ 6፣ ማቀዝቀዝና ምርመራ 3፣ ብልሽትና ተመላሽ 2 ብር ሲወጣ 7 ብር ይቀራል። በወር 189,000 ብር ማለት ነው፤ አሁን ያለው ቋሚ ወጪ 260,000 ብር ቢሆን ድርጅቱ በወር 71,000 ብር ይከስራል። ሁለት ሚሊዮኑን ብቻ ጠርቶ 7 ብሩን የደበቀ ቡድን በመጀመሪያው ጥያቄ ይጋለጣል፤ ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ይጠረጠራል። 7 ብሩን ራሱ ያነሳ ቡድን ግን ውይይቱን ወደ ሊትር ብዛት ይወስደዋል፤ እዚያ ደግሞ መልስ አለው።

ሁለተኛው መሸሸጊያ የጾሙ ቁልቁለት ነው። ወርሃዊውን ሽያጭ በግራፍ ብታስቀምጡት ታኅሣሥ ላይ በጾመ ነቢያት ይተኛል፣ ጥር ላይ ይነሳል፣ መጋቢት ላይ ይወድቃል፣ ግንቦት ላይ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱን ለመደበቅ ብዙዎች ድምር ግራፍ ይሠራሉ፤ ከመስከረም ጀምሮ የተሸጠው እየተደመረ ስለሚሄድ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ኢንቨስተሩ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁዳዴ ላይ ማኪያቶ እንደሚቀንስም ያውቃል። ወርሃዊውን አሳዩና ቁልቁለቱን በራሳችሁ አፍ ስም ስጡት። ከዚያ ትክክለኛው መለኪያ ሽያጩ መውረዱ ሳይሆን፣ በወረደበት ጊዜ ገበሬው ሄደ ወይስ ቆየ የሚለው ይሆናል።

> «መስከረም ላይ ስንጀምር በቀን 150 ሊትር ነበር የምንሸጠው። ጥር ላይ 620 ደረስን። መጋቢት ላይ፣ በሁዳዴ፣ ወደ 410 ወረድን። ገበሬዎቻችንን ግን አልመለስናቸውም፤ ያልተሸጠውን ንጠን ቅቤውን ለፋሲካ ሸጥን። ዛሬ፣ ግንቦት ላይ፣ በቀን 900 ሊትር እንሸጣለን። ከጥር በፊት አብረውን ከጀመሩት 96 ቤተሰቦች 83ቱ ዛሬም ያስረክባሉ። ከአንድ ሊትር፣ የገበሬው ክፍያ፣ መጓጓዣው፣ ማቀዝቀዣውና ብልሽቱ ተቀንሶ፣ ሰባት ብር ይቀረናል። አሁን በወር ሰባ ሺህ ብር ያህል እንከስራለን። ኪሳራው የሚዘጋው በሊትር ብዛት ነው፤ ዋጋ በመጨመር አይደለም።»

«83ቱ ከ96» የሚለው «86 በመቶ» ከሚለው ይሻላል። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ ጊዜ መቶኛ ያስጠረጥራል፤ ሰው ደግሞ ቤተሰብን ማሰብ ይችላል። የሄዱት 13ቱ ለምን እንደሄዱ በስም በስም ተመዝግቦ ይኑራችሁ፤ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ላሟን የሸጠና ለሌላ ነጋዴ የዞረ አንድ አይደሉም።

ክፍሉ 85 ሰከንድ ተመድቦለት ከላይ ያለው ግን ወደ 50 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ትርፉ ለዝግታ ነው። ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሌላው ቀስ ብሎ ይነገራል፤ ግራፉም ሲታይ ሰው ለማየት ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ችግሩን በልኩ ቁረጡ

አሁን ብቻ ወደ ችግሩ ኑ። መለኪያው አንድ ነው፤ ከላይ የጻፋችሁት ውጤት የማይመልሰውን ችግር አታንሱ። የመኖ ውድነት እውነት ነው፤ የዝርያ ማሻሻልም፣ የእንስሳት ጤናም፣ የመንገዱም ነገር እውነት ነው። ማሳያው ድርጅት ግን አንዱንም አይፈታም። ከተነሱ አድማጩ መፍትሔ ይጠብቃል፤ ሳያገኝ ሲቀር የተሠራው ሥራ ያንስበታል።

ድርጅቱ የሚፈታው አንድ ጠባብ ነገር ነው፦ የማታውን ወተት የሚቀበል የለም። ይህን በአንድ ቤት ውስጥ በሚሆነው አሳዩት፦

> «ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ላሞቹን በቀን ሁለቴ ያልባል። የጠዋቱን ወተት ሰብሳቢ ይወስደዋል። የማታውን የሚቀበለው የለም። በጀሪካን አሳድሮ ጠዋት ከትኩሱ ጋር ከቀላቀለው፣ ምርመራ ላይ የሚወድቅበት ሁለቱም ነው። ስለዚህ የማታው ቤት ይቀራል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያለው ካፌ ቁርስ ከመጀመሩ በፊት ወተት ይፈልጋል። ጠዋት ታልቦ 130 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ወተት ደግሞ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። የሚፈለገው ወተት ከምሽቱ ጀምሮ ገበሬው ቤት አለ፤ የሚያሳድረው የለም።»

አንድም አገራዊ አኃዝ ያልያዘ ችግር ነው፤ ግን ገዢውም ሻጩም ይታያል፣ ለምን እስካሁን እንዳልተገናኙም ይታያል። «በኢትዮጵያ ይህን ያህል ሚሊዮን ከብት አለ» ብሎ መጀመር ማንም ወተት የሚሸጥ ሊለው የሚችለው ነገር ስለሆነ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም።

የሙያ ጥያቄ እዚህ ሊነሳ ይችላል፦ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ወተቱ ለምን ይበላሻል?» የሚል። መልሱ ወተት ከላሟ የሚወጣው በሰውነቷ ሙቀት፣ 38 ዲግሪ ገደማ፣ ስለሆነ ነው። በጀሪካን የታሸገ ወተት የሌሊቱ ብርድ ውስጡ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል፤ ባክቴሪያው የሚራባው በዚያ መካከል ነው። ጀሪካን ደግሞ አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በደንብ አይታጠብም። ጠዋት እኩል መጠን ያለው አልኮል ሲጨመርበት አሲዱ የበዛው ወተት ይጓጉላል፤ ሰብሳቢውም ይመልሰዋል። ይህን በንግግሩ ውስጥ አታስገቡ፤ ስትጠየቁ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር መመለስ መቻል አለባችሁ።

የቀሩት ክፍሎች

መፍትሔው ችግሩ ያቆመበት ላይ ይቀጥላል፦

> «እኛ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት እንቀበላለን። መርምረን ወደ 4 ዲግሪ እናቀዘቅዛለን። ሌሊት 9 ሰዓት ይጫናል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ አዲስ አበባ ይደርሳል። ገበሬው ሊትሩንና ሒሳቡን ወዲያው በስልኩ መልእክት ያያል። ክፍያው በየሳምንቱ በቴሌብር ይገባለታል።»

የመተግበሪያውን ገጾች አታሳዩ። ገበሬው የሚያየውን አንድ መልእክት ማሳየት ይበቃል።

ገበያውን ከታች ወደ ላይ ቁጠሩት። አንድ ቤት በቀን 5 ሊትር ያመጣል፤ አንድ ጣቢያ 120 ቤት ሲይዝ 600 ሊትር ነው፤ አራት ጣቢያ 2,400 ይሆናል። ከዚያ በላይ ስንት ጣቢያ ሊቆም እንደሚችል፣ በየትኞቹ ቀበሌዎች፣ ራሳችሁ ዞራችሁ ባያችሁት ልክ ብቻ ተናገሩ። ቡድኑን በዲግሪ አታስተዋውቁ፤ ወተቱን ማን ይመረምራል፣ አዲስ አበባ ማን ይሸጣል፣ ሲስተሙን ማን ይጠግናል፣ ይህ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መግቢያው ደግሞ አንድ ሰላምታና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ...» እያለ የሚሄደው ዝርዝር ሠላሳ ሰከንድ ይበላል፤ የውጤታችሁ ሲሶ ማለት ነው።

ልምምድና መቁረጥ

መጀመሪያ ያለ ስላይድ ተለማመዱ። መብራት ቢጠፋ ወይም ፕሮጀክተሩ ከላፕቶፑ ጋር አልገናኝ ቢል ንግግሩ ብቻውን መቆም አለበት። በስልክ ቀድታችሁ ስሙ። ሦስት ምልክቶችን ፈልጉ። በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያልቻላችሁት ዓረፍተ ነገር ይከፈል። ድምፃችሁ የሚፈጥንበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የማታምኑበት ቁጥር ያለበት ነው፤ ወይ አጣሩት ወይ አውጡት። «ማለት ነው» የምትሉበት ቦታ ደግሞ ሐሳቡ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያለቀበት ነው።

ከአራት ደቂቃ ከአርባ ካለፈ የሚቆረጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ከቡድኑ፣ ቀጥሎ ከገበያው፣ ከዚያ ከችግሩ። ከጥያቄው አይቆረጥም።

ቀጥሎ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ተናገሩለትና፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ምን ችግር ነበር፣ እስካሁን ምን ሠርተዋል፣ ስንት ብር ለምን ፈለጉ። ችግሩን ብቻ ካስታወሰ ሚዛኑ አሁንም አጋድሏል፤ ብሩን ብቻ ካስታወሰ ውጤቱ ደብዝዟል።

ከአምስቱ ደቂቃ በኋላ

በዚህ ሥራ ላይ የማይቀሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ለፋሲካ ዋዜማ ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ለሌላ ነጋዴ ቢሸጥስ? «ታማኞች ናቸው» መልስ አይደለም። በዚያ ሳምንት ስንት ሊትር እንደጎደለባችሁና የጎደለው መቼ እንደተመለሰ ከመዝገባችሁ አሳዩ። ሁለተኛው፣ ትልቅ ማቀነባበሪያ የራሱን ታንክ አጠገባችሁ ቢተክልስ? እዚህ ላይ ሐቀኛው መልስ አንዳንድ ጣቢያ ልታጡ እንደምትችሉ ማመን ነው፤ ከዚያም ማቀነባበሪያው ራሱ ገዢያችሁ ሊሆን የሚችልበትን የሊትር መጠንና ዋጋ መናገር።

ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ ቢያንስ 150,000 ዶላር ማስገባት ይጠበቅበታል። ከዚህ ዝቅ ያለ ወለል ያላቸው ጥቂት የሙያ ዘርፎች ቢኖሩም፣ ስድስት ሚሊዮን ብር ከዋናው ወለል በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለውጭ ዜጋ ይህንኑ ጥያቄ እንዳለ ማቅረብ ጊዜ ማባከን ሊሆን ይችላል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር የሚችል ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውይይቱን ስትጀምሩ በየትኛው እንደሚገባ ጠይቁት፤ ውሉ ሳይረቀቅም የሕግ ባለሙያ ይየው።

መድረኩ ባለቀበት ማታ ለጠየቀው ኢንቨስተር የሚላከው ሦስት ሰነድ ነው፦ የወር በወር ሽያጭ ሠንጠረዥ ከነጾሙ፣ የአንድ ሊትር ሒሳብ፣ የታንኩ ፕሮፎርማ። ስላይዱ ቢቆይም ምንም አይደለም።